ከስምንት ዓመት ዝምታ በኋላ የሚጻፍ የመጀመሪያ መልእክት

«የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ከስምንት ዓመት ወዲህ ቃል ያልተለዋወጥኳቸው ሁለት ሰዎች ከሐሳቤ አይወጡም። አንዷ የማታ ትምህርት ስማር አጠገቤ ትቀመጥ የነበረች ሴት ናት፤ ንብረት ሲያረጅ ዋጋው በየዓመቱ የሚቀንስበትን የእርጅና ቅናሽ ስሌት በአሮጌ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ደረጃ ሥላ ያስረዳችኝ እርሷ ናት። ከእርሷ የምፈልገው ነገር የለም። ሁለተኛው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሥራውን ለቆ የሕግና የገንዘብ ሰነዶች ተርጓሚ ሆኗል፤ እኔም ወደዚያው ሙያ ለመግባት ስለማስብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምክሩን እፈልጋለሁ። ለሁለቱም ‹ሰላም ነው? ጠፋህ እኮ፣ ጠፋሽ እኮ› እያልኩ ደጋግሜ ጽፌ አጥፍቻለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ ብጽፍ ‹ምን ፈልጋ ነው?› አይሉም ወይ? — ጽፋ የምታጠፋው»

ውድ ጠያቂያችን፣

አዎን፣ ይላሉ። ሁለቱም ስምዎን ስልካቸው ላይ ባዩበት ቅጽበት «ምን ፈልጋ ይሆን?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቃሉ፤ እርስዎም በእነርሱ ቦታ ቢሆኑ ይጠይቁ ነበር። ጥያቄው ግን ክስ አይደለም። ሳይጠበቅ የመጣ መልእክት ሁሉ፣ ከማንም ይምጣ፣ ለምን እንደመጣ ማወቅ ያሻል፤ አንባቢውም ምክንያቱን እስኪያገኝ ድረስ ቀሪውን ቃል በሙሉ ልቡ አያነብም። ስለዚህ የእርስዎ ሥራ ጥያቄው በአእምሯቸው እንዳይነሣ መከላከል ሳይሆን፣ ተነሥቶ ብዙ ሳይቆይ በዚያው መልእክት ውስጥ መልሱን እንዲያገኝ ማድረግ ነው። ጽፈው ያጠፉት መልእክት ይህን መልስ አልያዘም፤ ማጥፋትዎም፣ በእኔ አስተያየት፣ ትክክል ነበር።

«ሰላም ነው?» ብቻውን ሲላክ ተቀባዩ ሁለት ነገር እንዲሠራ ያስገድደዋል። «ሰላም ነው፣ አንቺስ?» ብሎ ይመልስና ዋናው ጉዳይ እስኪመጣ ይጠብቃል። «ጠፋህ እኮ» ደግሞ በየሳምንቱ በሚገናኙ ሰዎች መካከል የፍቅር ወቀሳ ነው፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ሲነገር ግን ያልተሳለ ቢላዋ ይሆናል። ዝም ያላችሁት ሁለታችሁም ሆናችሁ ሳለ ጥፋቱን በእርሱ ላይ ያሳድራል፤ እርሱም ወይ ያላጠፋውን ይቅርታ ይጠይቃል፣ ወይ «አንቺም እኮ» እያለ ራሱን ይከላከላል። በዚህ መንገድ የተጀመረ ወሬ በሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ፍርሃትዎን በተመለከተ፣ ነገሩ የእርስዎ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳዩ ጥሩ ጥናቶች አሉ። ፔጊ ሊዩ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት ሥራ፣ ድንገት «እንዴት ነህ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ተቀባዩ ምን ያህል ደስ እንደሚለው ሲገምት በተደጋጋሚ አሳንሶ እንደሚገምት አሳይቷል። ምክንያቱ እዚህ ላይ የሚጠቅመን ነው። ጸሐፊው ስለ ራሱ ቃላት ይጨነቃል፤ ተቀባዩ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው አለመጠበቁ፣ ማለትም ሰው አስታውሶት መገኘቱ ነው። እርስዎ «ስምንት ዓመት» የሚለውን ቁጥር እንደ ዕዳ እየቆጠሩት ነው፤ በተቀባዩ ዘንድ ግን ያው ቁጥር መልእክቱን ይበልጥ ያልተጠበቀ፣ ስለዚህም ይበልጥ የሚያስደስት ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጥናት የላራ አክኒንና የጊሊያን ሳንድስትሮም ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ነው። ተሳታፊዎቹ ከአንድ የቀድሞ ጓደኛ ጋር መገናኘት የሚፈልጉ፣ ጓደኛውም እንደማይጠላው የሚያምኑ፣ አድራሻውንም የያዙ ነበሩ፤ መልእክቱን የሚጽፉበት ጊዜም ተሰጣቸው። ያም ሆኖ የላኩት ከሦስት አንድ ገደማ ብቻ ናቸው። ጽፎ ማጥፋት እንግዲህ የእርስዎ ጠባይ ሳይሆን የብዙኃኑ ነው። ተመራማሪዎቹ ሰዎችን በጥሩ ቃል ለማሳመን ሞክረው ብዙ አልተሳካላቸውም፤ የሠራው ማሟሟቂያ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ያህል አሁን ለሚቀርቧቸው ሰዎች መልእክት ሲልኩ የቆዩት፣ ወዲያው ወደ አሮጌው ጓደኛ ሲዞሩ 53 በመቶ ያህሉ ላኩ፤ ማሟሟቂያውን ካልሠሩት ግን የላኩት 31 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ እርስዎም ዛሬ ማታ አስቀድመው ለእኅትዎና ለሁለት ለሚቀርቧቸው ሰዎች ይጻፉ፤ ጣትዎ ሳይቀዘቅዝ ወደ ማታ ትምህርት ባልንጀራዎ ይሂዱ።

ይሁን እንጂ ይህ ጥናት ስለ ጓደኞች ነው፤ የእርስዎ ሁለት ሰዎች ግን ጓደኞች አልነበሩም። ይህ ልዩነት ነገሩን የሚያከብድብዎ መስሎዎት ይሆናል፤ እኔ ግን የሚያቀልልዎ ይመስለኛል። ከልብ ወዳጅ ጋር ስምንት ዓመት ዝም መባባል ቁስል አለው፤ ማብራሪያም ይፈልጋል። ከትውውቅ ያላለፈ ዝምድና ግን በራሱ ጊዜ ሲቀር ማንም አልበደለ፣ ማንም አልተበደለ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ወይም ቢሮው ሲቀየር ያገናኛችሁ ነገር አለቀ፣ ግንኙነቱም አብሮት ተኛ። ስለዚህ ይቅርታ አይጠይቁ። «ይህን ሁሉ ዓመት ባለመደወሌ አፍራለሁ፣ ሕይወት እኮ...» እያለ የሚሄድ አንቀጽ ለተቀባዩ የማያውቀውን ቂም ያሸክመውና እንዲምር ያስገድደዋል። በተቃራኒው «በጣም ናፍቀሽኛል» ያልነበረ ቅርበት ይፈጥራል። ሰው የነበረውን የቅርበት ልክ ያስታውሳል፤ ከልኩ በላይ የሞቀ ሰላምታ ሲደርሰው «ይህ ሁሉ ማር ለምን መጣ?» ማለቱ አይቀርም። የድብቅ ፍላጎት ሽታ ከሁሉ ይበልጥ የሚወጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ሴትዮዋ እንሂድ፤ ቀላሏ እርሷ ናት። በደብዳቤዎ ውስጥ ሳያስቡት የጻፉልኝ አንድ ነገር መልእክቱን ሙሉ በሙሉ ይሸከመዋል፤ ይኸውም የደረሰኙ ጀርባ ነው። «ትዝ አልሽኝ» ማለት ለማንም ሊላክ የሚችል ቃል ስለሆነ አያሳምንም፤ ደረጃ የተሣለበት አሮጌ ደረሰኝ ግን ከእርሷ በቀር ለማንም አይላክም። ስሟን ጠርተው ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ የራስዎን ሙሉ ስም ይጻፉ፤ ቁጥርዎን አስቀምጣዋለች ብለው አይገምቱ፣ «ገምቺ ማን ነኝ» የሚል ጨዋታም ፈጽሞ አይጀምሩ። ከዚያ ይህን የመሰለ ነገር በቂ ነው፦

«የማታ ትምህርት ስንማር አጠገብሽ እቀመጥ የነበርኩት ነኝ። ትናንት አንድ አዲስ ሠራተኛ የእርጅና ቅናሽ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ ሳላስበው ወረቀት አንሥቼ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ ሣልኩለት። ደረጃው የአንቺ መሆኑን ያስታወስኩት ከሣልኩ በኋላ ነው፤ በደረሰኝ ጀርባ ላይ አስረድተሽኝ ነበር። እስከ ዛሬ እየሠራ መሆኑን ልነግርሽ ብዬ ነው የጻፍኩት። እኔ አሁንም በሂሳብ ሥራ ላይ ነኝ። አንቺም ደህና እንደሆንሽ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ለመመለስ አትቸገሪ።»

አዲስ ሠራተኛው የእኔ ፈጠራ ነው፤ እርስዎ በእውነት የሆነውን ያስገቡ፣ ካልሆነም «ያንን ስሌት ባየሁ ቁጥር ደረጃሽ ይታየኛል» ይበቃል። የመልእክቱን አሠራር ግን ልብ ይበሉ። «ምን ፈልጋ ነው?» ለሚለው ጥያቄ «ልነግርሽ ብዬ ነው የጻፍኩት» የሚለው ሐረግ በግልጽ ይመልሳል። ስለ ራስዎ የተነገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የስምንት ዓመት ታሪክ ቢዘረግፉ እርሷም የራሷን መዘርዘር ያለባት ይመስላታል፣ ለዚያ የሚሆን ጊዜ እስክታገኝ እያለችም ሳትመልስ ትቀራለች። ጥያቄም አልያዘም። «ልጆች አሉሽ? የት ነው የምትሠሪው? አገባሽ?» የሚሉ ጥያቄዎች ደግነት ይምሰሉ እንጂ፣ ሥራ ላጣች ወይም ትዳሯ ለፈረሰ ሴት የመጀመሪያው ሰላምታ ፈተና ይሆንባታል። «ለመመለስ አትቸገሪ» የሚለው መውጫ በር ደግሞ ለወጉ ብቻ የተጨመረ መሆን የለበትም፤ እውነት ካልሆነ ይተዉት።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከመጻፍዎ በፊት በማኅበራዊ ገጿ ላይ ለሁሉም የሚታየውን ቢያዩ ክፋት የለውም፤ በቅርቡ ሐዘን ደርሶባት እንደሆነ ሳያውቁ ስለ ደረጃ ሥዕል መጫወት አይወዱም። ያዩትን ግን መልሰው አያሳዩአት። ስምንት ዓመት ዝም ካለ ሰው «ልጅሽ እንዴት አደገች!» የሚል ቃል ሲመጣ፣ ስታይ የኖረች ዓይን እንዳለች ይነግራታል፤ ይህም ከሰላምታው ሙቀት በላይ ያስደነግጣል። ሐዘን እንዳለባት ካወቁ ግን ሌላውን ሁሉ ትተው ስለ ሐዘኗ ብቻ ይጻፉ፤ ደረጃው ለሌላ ጊዜ ይቆያል። ከወራት በኋላ የደረሰ የሐዘን ቃል ዘገየ ተብሎ አይጣልም።

ባልደረባዎን በተመለከተ፣ በእርግጥ አንድ ነገር ይፈልጋሉ። ይህን መካድ አያስፈልግም፤ የሚያስቀይመው መፈለግ ሳይሆን መፈለግን መሸፈን ነው። እኔ ራሴ ያጋጠመኝን ልንገርዎ። ከብዙ ዓመት በፊት አብሮኝ የሠራ አንድ ሰው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጻፈልኝ። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፤ መለስኩ። ስለ ድሮው ቢሮ አንሥቶ አንድ ቀልድ አስታወሰኝ፤ ብቻዬን ሳቅሁ፣ እውነት ለመናገር ልቤ ሞቀ፣ እኔም ረጅም አድርጌ መለስኩ። ከዚያ አራተኛው መልእክት መጣ፤ «ለካ አንተ ከእገሌ ጋር ትተዋወቃለህ፣ ለእኔ አንድ ነገር ብትነግርልኝ...»። የጠየቀው ነገር ከባድ አልነበረም፤ በመጀመሪያው መስመር ቢጠይቀኝ ኖሮ በደስታ አደርገው ነበር። የከፋኝ ቀልዱ ወደ ኋላ ተመልሶ መበላሸቱ ነው፤ ሳቄ ለካ የመንገድ ጥርጊያ ነበር። የጠየቀውን አደረግሁለት፤ ከዚያ በኋላ ግን የእርሱን ስም ስልኬ ላይ ሳይ ከሰላምታው ይልቅ አራተኛውን መልእክት እጠብቃለሁ።

ድብቅ ፍላጎት ማለት እንግዲህ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ጥያቄው ከትዝታው በኋላ፣ በተለየ መልእክት፣ ተቀባዩ ከሞቀ በኋላ ሲመጣ ትዝታው ማጥመጃ ይሆናል። ያው ጥያቄ በመጀመሪያው መልእክት ውስጥ፣ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲቀመጥ ግን ተራ ጥያቄ ነው፤ ተቀባዩም ማንበብ ሲጀምር ምን እንደተጠየቀ ያውቃል፣ መልስ ቢሰጥ ባይሰጥም የተታለለ አይመስለውም። ራስዎን የሚመረምሩበት አንድ ጥያቄ ልስጥዎ፦ «አልችልም» ብሎ ቢመልስልኝ፣ ስለጻፍኩለት አሁንም ደስ ይለኛል? መልስዎ አዎን ከሆነ ትዝታውንም ጥያቄውንም አንድ ላይ መጻፍ ይችላሉ። አይደለም ከሆነም ነውር የለውም፤ ያን ጊዜ ግን ትዝታውን ይተዉትና ንጹሕ የሙያ ጥያቄ አድርገው ይላኩት። ከድሮ ባልደረባ ምክር መጠየቅ የተለመደ ነገር ነው፤ በናፍቆት መጠቅለል አያሻውም።

ምክሩም ዋጋ እንዳለው ይወቁ። ዳንኤል ሌቪን፣ ሆርሄ ዋልተርና ኪት መርኒግሃን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ በኃላፊነት ላይ ያሉ ሰዎች ቢያንስ ለሦስት ዓመት ያልተገናኟቸውን የቀድሞ የሥራ ሰዎች ፈልገው፣ በእጃቸው ስላለ ሥራ ምክር እንዲጠይቁ አደረጉ። ከተኛው ግንኙነት የተገኘው ምክር ዘወትር ከሚገናኟቸው ሰዎች ከተገኘው አላነሰም፤ እንዲያውም አዲስ ነገር ይዞ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዕለት ባልደረቦችዎ እርስዎ የሚያውቁትን ነው የሚያውቁት፤ ተለይቶ የሄደው ሰው ግን ስምንት ዓመት ሌላ ዓለም ሲያይ ቆይቷል፣ የድሮው መተዋወቅም «ይህች ሴት ሥራ አታበላሽም» የሚለውን ግምት በአእምሮው ትቶለታል። አዲስ ከተዋወቁት ተርጓሚ ይህን ሁለተኛውን ነገር አያገኙም።

የጥያቄው መጠን ግን ወሳኝ ነው። እንዲህ ያለ ትውውቅ መረጃን ይሸከማል፤ ስምን አይሸከምም። «ሥራ ካለ አስታውሰኝ» ወይም «ለደንበኞችህ አስተዋውቀኝ» ማለት፣ ትርጉምዎን አንድ ገጽ እንኳ ላላነበበ ሰው ስለ ትርጉምዎ እንዲመሰክር መጠየቅ ነው፤ እምቢ ማለት ያሳፍረዋል፣ እሺ ማለት ያሰጋዋል፣ ስለዚህ ዝም ይላል፤ እርስዎም ዝምታውን እንደ ጥላቻ ይቆጥሩታል። «ስለ ትርጉም ሥራ ልትነግረኝ ትችላለህ?» ደግሞ በጣም ሰፊ ነው፤ ምላሹ መጽሐፍ ይሆናል። በእርሱ ልምድ ብቻ የሚመለስ፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ የማይወስድ አንድ ጥያቄ ይምረጡ። ለእርስዎ ሁኔታ እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦

«ከስምንት ዓመት በፊት በሂሳብ ክፍል አብረን ሠርተናል። የምጽፍልህ ምክር ፈልጌ ነው። ወደ ገንዘብ ሰነዶች ትርጉም ለመግባት እያሰብኩ ነው፤ አንተ ይህን መንገድ እንደሄድክበት ስለማውቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስትጀምር የሂሳብ ልምድህ ብቻ በቂ ሆኖልህ ነበር ወይስ አስቀድመህ የትርጉም ሥልጠና ወስደህ ነው የመጀመሪያውን ሥራ የተቀበልከው? በሁለት መስመር ብትመልስልኝ ይበቃኛል። ጊዜ ከሌለህም እረዳለሁ። የኦዲት ሪፖርት ላይ አንድ ቃል ለመለወጥ ግማሽ ቀን ትከራከር እንደነበር አስታውሼ፣ ይህን ሙያ መምረጥህ አልገረመኝም።»

የኦዲቱ ነገር እንደ ቀድሞው የእኔ ግምት ነው፤ እርስዎ የሚያውቁትን ይተኩበት። ትዝታው ግን መጨረሻ ላይ መሆኑን ይመልከቱ። ጥያቄው ካለፈ በኋላ የመጣ ትዝታ ማለስለሻ ሊሆን አይችልም፤ ሥራው አስቀድሞ ተጠናቋልና። አንዳንድ ሰው መልእክቱ ደረቅ እንዳይመስል ፈርቶ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ እባክዎ አይገልብጡት። «እስኪ እንገናኝና እናውራ» የሚለውንም አይጨምሩ። ለመገናኘት መጋበዝ የሚያምረው እርሱ ከመለሰና ወሬው ራሱ ከጠራው በኋላ ነው።

አንድ ትንሽ የምትመስል፣ ግን ብዙ የምትናገር ነገር አለች፤ አንተና እርስዎ። ስምንት ዓመት ሙሉ የማዕረግ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ትናንት አንተ ይሉት የነበረው ሰው ዛሬ የራሱን ድርጅት የሚመራ ይሆናል። በዚህ ጊዜ እጅዎ ወደ «እርስዎ» ይሄዳል። ያኔ አንተ ከነበረ ግን አሁንም አንተ ይበሉት። አክብሮት መስሎዎት አጠራሩን ከቀየሩ፣ የተለወጠው ወንበሩ መሆኑንና እርስዎም ወንበሩን እያዩ መጻፍዎን ነው የሚነግሩት። ያኔም እርስዎ ይባባሉ ከነበረ ደግሞ በዚያው ይቀጥሉ፤ «አንተ» ብሎ ለመቅረብ መቸኮል ያልነበረ ቅርበትን ከመፍጠር አይለይም። አጠራሩ ትዝ ካላለዎት እርስዎ ይበሉትና እርሱ ራሱ ያርመው።

መልእክት ይሻላል ወይስ ስልክ? ለመጀመሪያው ቃል መልእክት። የማያውቁት ቁጥር ሲደውል ሰው ወይ አያነሣም፣ ወይ በመንገድ መሐል ሆኖ ስምዎን ለማስታወስ ይጨነቃል። ከመለሱልዎ በኋላ ግን ድምፅን አይፍሩ። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ሥራ፣ ሰዎች ከድሮ ጓደኛ ጋር በስልክ መነጋገር ከጽሑፍ ይልቅ የሚያሳፍር ይሆናል ብለው ገምተው ነበር፤ ሲሞክሩት ኀፍረቱ አልጨመረም፣ ቅርበቱ ግን ጨመረ። «በፈለግሽው ቀን ልደውልልሽ?» ብሎ ጠይቆ መደወል ሁለቱንም ያስታርቃል።

ከላኩ በኋላ ያለው ጊዜ ከመላኩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ስልኩ መልእክቱ መነበቡን ይነግርዎታል፣ ለምን እንዳልተመለሰ ግን አይነግርዎትም። ለሴትዮዋ የላኩት ሰላምታ ስለሆነ ባትመልስ ደግመው አይጻፉ፤ የሰላምታ አስታዋሽ የሚባል ነገር የለም፣ ከተላከ ሰላምታው ዕዳ ሆነ ማለት ነው። ለባልደረባዎ የላኩት ጥያቄ ስለሆነ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ፣ «ያለፈው መልእክቴ በሥራ መካከል ደርሶህ ይሆናል» የሚል አንድ መስመር መላክ ይፈቀዳል። ከዚያ በኋላ ይዝጉት። «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» የሚል አጭር መልስ ከመጣም እርሱ ሙሉ መልስ ነው፤ የተቀዛቀዘ ልብ ምልክት አድርገው አይውሰዱት። ረጅምና ሞቅ ያለ መልስ ሲመጣ ደግሞ በዚያው ሰዓት አምስት መልእክት አያዥጎድጉዱ፤ በማግስቱ የመጣ አንድ ጥሩ መልስ ይበልጣል።

ሳልጠቅሰው ማለፍ የሌለብኝ፣ ዝምታው በአጋጣሚ ሳይሆን በምርጫ የመጣባቸው ሰዎች እንዳሉ ነው። ያልተከፈለ ገንዘብ፣ በመካከል የቀረ ጠብ፣ ወይም «አትደውዪልኝ» ያለ ሰው ካለ እስካሁን ያልኩት ሁሉ አይሠራም። እንዲህ ያለው ጉዳይ ሰላምታ ሳይሆን በመጀመሪያ ዕዳውን መክፈል ወይም ምርጫውን ማክበር የሚጠይቅ ሌላ ደብዳቤ ነው። የእርስዎ ሁለት ሰዎች ከእነዚህ መካከል አይመስሉኝም።

አሁን ደግሞ ወደፊት ሊሆን የሚችለውን ልናገር። ከሴትዮዋ ጋር ወሬው ቢቀጥልና ከሦስት ወር በኋላ ድንገት እርሷ የምትሠራበት ቦታ ላይ ጉዳይ ቢገጥምዎ፣ ያ ሁሉ ደረጃና ደረሰኝ ማጥመጃ እንዳይመስል ይሰጋሉ። ያን ጊዜ ነገሩን ራስዎ ቀድመው ይጥሩት፦ «ያኔ ስጽፍልሽ ይህ ጉዳይ አልነበረም፤ አሁን መጣ፣ ስለዚህ በግልጽ ልጠይቅሽ።» ሰው የሚጠረጥረውን ነገር ከእርስዎ አፍ ሲሰማ መጠርጠሩን ይተዋል። ያልተነገረ ሲሆን ግን፣ እውነት ባይሆንም እንኳ፣ ጥርጣሬው ውስጥ ውስጡን ይሄዳል።

በባልደረባዎ በኩል ደግሞ ሐሳብዎ ንጹሕ መሆኑን የሚያየው በመጀመሪያው መልእክት ሳይሆን ምክሩን ከሰጠ በኋላ ነው። ብዙ ሰው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይጠፋል፤ ቀጥሎ የሚታየው ሌላ ነገር ሲፈልግ ነው፤ መካሪውም ምክሩ ሠራ አልሠራ ሳያውቅ ይቀራል። እርስዎ ምክሩን ተጠቅመው ውጤቱን ሲያዩ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ አንድ መልእክት ይላኩለት፦

«ሥልጠናውን አስቀድሜ እንድወስድ ነግረኸኝ ነበር። ወሰድኩት፤ ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዬን ሰነድ አስረከብኩ። አሥራ አራት ገጽ ነበር፣ ሁለት ቦታ ላይ እርማት መጣብኝ፣ አንዱ ስለ እርጅና ቅናሽ ነው። አንተ ካልነገርከኝ ያለ ሥልጠና እጀምረው ነበር። ይህን እንድታውቅ ብዬ ነው።»

በዚህኛው መልእክት ውስጥ ምንም ዓይነት ጥያቄ አይኑር፤ «አንተስ እንዴት ነህ?» የሚለውም ቢሆን።